ትራፒንግ ሬይን ዋተር ምንድን ነው? ፕሪፊክስ ማክሲመሙስ ከቱ ፖይንተሩ በምን ይለያል?

የቁጥሮች አሬይ ይሰጣችኋል፣ እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ምሰሶ ቁመት ነው፣ ምሰሶዎቹ ወርዳቸው 1 ሆኖ ምንም ክፍተት ሳይኖር ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ ከላይ ዝናብ ይዘንባል፣ ሲያባራ መሀላቸው ስንት ውሃ ቀረ? ጥያቄው ይሄው ነው። ሊትኮድ ላይ ቁጥር 42 ሆኖ "ሀርድ" ተብሎ ተቀምጧል፣ እኔ ግን ከባዱ ነገር ኮዱ አይደለም ባይ ነኝ፣ ኮዱ አስር መስመር ገደማ ነው፣ ከባዱ ቱ ፖይንተሩ ለምን ትክክል እንደሆነ አፍን ሞልቶ ማስረዳት ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጉድጓድ ፍለጋ ነው፣ የት ጀመረ የት አለቀ ምናምን፣ እዛ ከገባችሁ ደግሞ በቀላሉ አትወጡም ምክንያቱም በትልቁ ጉድጓድ ውስጥ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። የሚሻለው አንዷን ምሰሶ ብቻ ይዞ "እዚች አናት ላይ ውሃው እስከ የት ከፍ ይላል?" ብሎ መጠየቅ ነው። ውሃው በግራዋ ካለው ረጅሙ ምሰሶ ከበለጠ በግራ ይፈሳል፣ በቀኝዋ ካለው ረጅሙ ከበለጠ ደግሞ በቀኝ፣ ስለዚ ከሁለቱ አጭሩ ጋር ሲደርስ ይቆማል። ከዛ ላይ የራሷን ቁመት ስትቀንሱ የሷ ድርሻ ይወጣል፦

```
min(leftMax[i], rightMax[i]) - h[i]
```

እዚህ ጋ leftMax እና rightMax ምሰሶዋን ራሷንም ይጨምራሉ፣ ለዛ ነው ውጤቱ መቼም ኔጌቲቭ የማይሆነው።

ፕሪፊክስ ማክሲመም የሚባለው አፈታት ይሄን ቀመር እንዳለ ኮድ ማድረግ ነው ሌላ ነገር የለውም። አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄዳችሁ እስካሁን ያያችሁትን ትልቁን ትመዘግባላችሁ፣ አንዴ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በመጨረሻ ሶስተኛ ዙር ሄዳችሁ ትደምራላችሁ። በምሳሌ እንየው፦

```
h        = 2 0 3 1 0 5 2 4
leftMax  = 2 2 3 3 3 5 5 5
rightMax = 5 5 5 5 5 5 4 4
ውሃ       = 0 2 0 2 3 0 2 0
```

ድምሩ 9። ኢንዴክስ 4 ላይ ያለችውን ባለ 0 ምሰሶ እዩዋት፣ በግራዋ ረጅሙ 3፣ በቀኝዋ 5፣ አጭሩ 3 ስለሆነ ሶስት ውሃ ትይዛለች። የዚህ አፈታት ትልቁ ጥቅም እንደዚህ በአይን መታየቱ ነው፣ መልሱ ከተሳሳተ ሁለቱን አሬይ ፕሪንት አድርጋችሁ የትኛው ቁጥር ጋ እንደተበላሸ ወዲያው ታገኙታላችሁ።

ዋጋው ሜሞሪ ነው። n ምሰሶ ካለ ሁለት ተጨማሪ ባለ n አሬይ ትይዛላችሁ፣ አንድ ሚሊዮን ምሰሶ ቢሆን እና እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ቢወስድ 8 ሜጋባይት ማለት ነው። (ግማሹን ማዳን ይቻላል፣ rightMax ብቻ አስቀምጣችሁ የግራውን በመጨረሻው ዙር ላይ በአንድ ቫሪያብል እየያዛችሁ መሄድ ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳታል እንጂ።)

አሁን ወደ ቱ ፖይንተሩ። ቀመሩን ደግማችሁ እዩት፣ min ነው ያለው። ከሁለቱ ማክሲመም ትልቁ ስንት እንደሆነ ቀመሩ ግድ የለውም፣ ትልቅ መሆኑን ማወቅ ብቻ ይበቃል። ሙሉው ሚስጥር እዚች ጋ ነው ያለው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

```python
def trap(h):
    l, r = 0, len(h) - 1
    lm = rm = total = 0
    while l < r:
        lm = max(lm, h[l])
        rm = max(rm, h[r])
        if lm < rm:
            total += lm - h[l]
            l += 1
        else:
            total += rm - h[r]
            r -= 1
    return total
```

l ከግራ ጫፍ ይነሳል r ከቀኝ፣ lm ማለት l እስካሁን ያየው ትልቁ ነው፣ rm ደግሞ r ያየው። በዛው ምሳሌ l ኢንዴክስ 1 ላይ ሲደርስ (ቁመቷ 0) lm = 2 ነው፣ r ገና ጫፍ ላይ ስለቆመ rm = 4። የዚች ምሰሶ እውነተኛ rightMax ግን 5 ነው፣ ያቺን ባለ 5 ምሰሶ ደግሞ ገና አላየናትም፣ መኖሯንም አናውቅም። ታዲያ እንዴት ደፍረን 2 ውሃ እንደምራለን? እውነተኛው rightMax ከ rm ሊያንስ አይችልም፣ መሀል ላይ ያልታየ ነገር ካለ ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም። rm ደግሞ አሁኑኑ ከ lm ይበልጣል። የግራው lm ትክክለኛ ነው ምክንያቱም l በግራው ያለውን ሁሉ አልፎ ነው የመጣው። ስለዚ min ያለጥርጥር lm ነው፣ 5 ሆነ 500 ለውጥ የለውም። ተቃራኒው ቅርንጫፍ ላይም ያው ነው፣ lm ከ rm ካላነሰ r ያለችበት ምሰሶ ግራዋ ቢያንስ lm ነው፣ ስለዚ ወሳኙ rm ይሆናል፣ እኩል ቢሆኑም ችግር የለውም።

ከዛ በኋላ l እየተራመደ 2፣ ከዛ 3 ውሃ ይለቅምና ባለ 5ቷ ላይ ሲደርስ lm = 5 ይሆናል፣ አሁን አጭሩ የቀኙ ስለሆነ ተራው የ r ነው፣ r ባለ 4ቷን በ 0 አልፎ ባለ 2ቷ ላይ 2 ይጨምርና ባለ 5ቷ ጋ ሲመጣ l እና r ተገናኙ፣ ሉፑ ቆመ፣ 9። የተገናኙባት ምሰሶ ሳትቆጠር መቅረቷ አያስጨንቅም፣ በዚህ አጻጻፍ ሁሌም ከረጃጅሞቹ አንዷ ላይ ነው የሚገናኙት፣ ከሷ በላይ ደግሞ ውሃ አይቆምም።

"በዚህ አጻጻፍ" ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሌላኛው አጻጻፍ መጀመሪያ የድሮዎቹን lm እና rm ያወዳድርና ከዛ ነው በመረጠው በኩል ማክሲመሙን የሚያድሰው። እሱም ትክክል ነው ግን ሉፑ `while l <= r` መሆን አለበት። ሰው ሁለቱን ያቀላቅልና ከአንዱ `l < r` ከሌላው ውስጡን ይወስዳል፣ ኮዱ ኤረር አይሰጥም፣ አንዳንድ ቴስትም ያልፋል። ለማወቅ [3, 0, 2] ስጡት፣ ትክክለኛው መልስ 2 ነው። የተቀላቀለው ኮድ 3ቷን በግራ 2ቷን በቀኝ ካለፈ በኋላ l እና r ሁለቱም መሀሏ ላይ ስለሚቆሙ ያቺን ውሃ ያላትን ብቸኛ ምሰሶ ሳይቆጥር ይወጣና 0 ይመልሳል።

ሌላዋ ስህተት ውሃውን ደምሮ ከዛ lm ማደስ ነው፣ አዲሷ ምሰሶ ከድሮው lm ከረዘመች ኔጌቲቭ ትደምራላችሁ። የመጨረሻ ድምር ላይ ስለምትደበቅ አሬይ እየጨመረ ብቻ የሚሄድ ግብአት ስጡ፣ [1, 2, 3] ዜሮ ካልመለሰ ያው ነው ነገሩ።

የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ በጊዜ ሁለቱም O(n) ናቸው፣ ልዩነቱ ቱ ፖይንተሩ ተጨማሪ ሜሞሪው O(1) መሆኑ ነው። ኢንተርቪው ላይ ከሆናችሁ እኔ ፕሪፊክሱን ቶሎ ጽፎ "ትልቁን ማክሲመም በትክክል ማወቅ አያስፈልገንም" ብሎ ወደ ቱ ፖይንተር መሸጋገርን እመርጣለሁ፣ በቃላችሁ የሸመደዳችሁት አይመስልም። ዳታው በጣም ትልቅ ሆኖ ስራውን በብዙ ኮር መከፋፈል ከተፈለገ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ፕሪፊክስ ማክሲመም ተከፋፍሎ ሊሰላና ኋላ ሊገጣጠም ይችላል፣ ቱ ፖይንተሩ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ያለፈውን ንጽጽር ውጤት ስለሚጠብቅ እንዲህ በቀላሉ አይከፋፈልም።

ባለ ሁለት ዳይሜንሽኑ ጥያቄ (ቁመቶቹ ማትሪክስ ሲሆኑ) ላይ ግን ሁለቱም አይሰሩም። እዛ ውሃው በአራት አቅጣጫ ብቻ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ተጠማዞም መውጫ ያገኛል፣ በየረድፉና በየአምዱ ማክሲመም ይዞ ትንሹን መውሰድ ብዙ ጊዜ ከትክክለኛው በላይ ውሃ ይሰጣችኋል፣ የሚሰራው ከዳር ካሉት ሴሎች ጀምሮ ሁሌ ዝቅተኛውን በሂፕ እያወጡ ወደ ውስጥ መግባት ነው።