ለጮኽክባት ሚስትህ የምትጽፈው ደብዳቤ

ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን 4፥31 ከአማኞች ሊወገዱ የሚገባቸውን ነገሮች ሲጠራ መራርነትን፣ ንዴትን፣ ቁጣንና መሳደብን ያነሳል። በመካከላቸው ጩኸትም አለ። ስለዚህ «ድምፄን ከፍ አደረግሁ እንጂ ምን አደረግኋት?» ማለት አያዋጣም። ጩኸቱ ራሱ በደል ነው።

ብዙ ባሎች ይህ ገብቷቸው ይቅርታ ሊጠይቁ ይነሳሉ። ፊት ለፊት መናገር ሲከብዳቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ደብዳቤው ውስጥ በሚገባው ነገር ላይ ነው።

ሳኦልም ዳዊትም «በድያለሁ» ብለዋል። ሳኦል ግን (1ኛ ሳሙኤል 15) መጀመሪያ ትእዛዙን ፈጽሜያለሁ አለ። እንዲያጠፋቸው ታዝዞ የተረፉት በጎች ድምፅ ሲያጋልጠው ያስቀራቸው ሕዝቡ ነው አለ። በመጨረሻ በድያለሁ ሲልም «ሕዝቡን ስለ ፈራሁ» የሚል ምክንያት አስከተለ። ወዲያውም ሳሙኤልን በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ብሎ ለመነው። ዳዊት በናታን ፊት «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለና እዚያው አቆመ። ቤርሳቤህን አልወቀሰም፤ ክብሬን መልስልኝም አላለም።

ብዙዎቻችን የምንጽፈው የይቅርታ ደብዳቤ የሳኦልን ይመስላል። «ስለ ጮኽኩ ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ተበሳጭቼ ነበር፣ አንቺም ታውቂኛለሽ፣ በይ አሁን እሁድ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሂድ።» ምክንያቱ አለ፣ ጥፋቱን ወደ እሷ መግፋት አለ፣ የአክብረኝ ልመናውም አለ። የሆነው ነገር ብቻ የለም።

አንድ ባል እናስብ። ሚስቱ ከዕቁብ ከደረሳት ብር ላይ ለታመሙ እናቷ ሰጠች። እራት ላይ ስትነግረው ጮኸ። ደብዳቤው እንዲህ ቢሆንስ?

«ሐሙስ ማታ እራት ላይ ጮኽኩብሽ። ጠረጴዛውን መታሁ። ‹አንቺና ቤተሰብሽ ልትጨርሱኝ ነው› አልኩሽ። ይህን ያልኩት እናትሽ ታመው ተኝተው ሳለ ነው። ያልኩት ደግሞ እውነት አይደለም። እህትሽ ኩሽና ሆና ሰምታለች፤ በእሷ ፊት አዋረድኩሽ። ልጃችን ጆሮውን ይዞ መኝታ ቤት ሲገባ አየሁት፤ አይቼም አላቆምኩም። ከዚያ ወዲህ እናትሽ ሲደውሉ ውጭ ወጥተሽ ታነጋግሪያቸዋለሽ። ስለ ብር ከመናገርሽ በፊት ፊቴን ታያለሽ። በገዛ ቤትሽ እንድትፈሪ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። በደልኩሽ፤ ይቅርታ። ያልኩሽ ልክ እንዳልነበረ ለእህትሽ ነግሬያታለሁ። ልጃችንንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ከእንግዲህ ድምፄ ከፍ ማለት ሲጀምር ዝም እላለሁ። መውጣት ካለብኝም መቼ እንደምመለስ ነግሬሽ እወጣለሁ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ ስጪኝ አልልሽም።»

ሰውየው በዚያ ቀን በእርግጥ ደክሞት ይሆናል። ሳይነገረው ብር መውጣቱም እውነተኛ ቅሬታ ሊሆን ይችላል። ድካሙን በጸሎት ለጌታ ይንገር፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ቦታ የለውም። ሚስቲቱ ምክንያት ስታነብ የምትሰማው «ነገም ከደከመኝ እጮሃለሁ» የሚል ነው።

ጉዳቱን መጥራትም ከባድ ነው። «ከጎዳሁሽ ይቅርታ» ብሎ መጻፍ ይቀላል። ግን መጎዳቷን ገና የሚጠራጠር ሰው ንግግር ነው። ከጩኸቱ በኋላ በእሷ ላይ ምን እንደተለወጠ መርምር፤ ምን ማድረግ አቆመች? ምን መናገር ተወች? ያየኸውን ጻፍ። የማታውቀውን ስሜት ግን በእሷ ስም አትፍጠር።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። አንዳንዱ በደብዳቤው መጨረሻ ሰባ ጊዜ ሰባት የሚለውን የጌታችንን ቃል ይጨምራል። ጌታ ያንን የተናገረው ወንድሜ ቢበድለኝ ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው ብሎ ለጠየቀው ለጴጥሮስ ነው። በዳይ ተበዳይን እንዲያስገድድበት አልተሰጠም። በኤፌሶን 4፥26 «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለውንም ይዘህ በእኩለ ሌሊት አትቀስቅሳት። ቃሉ የሚያዝህ የራስህን ቁጣ እንድትጥል ነው። እሷ ጊዜ ብትፈልግ ጊዜው የእሷ ነው።

እጅ ተነስቶ ከሆነ፣ ወይም ጩኸቱ የየሳምንቱ ከሆነ፣ ደብዳቤ አይበቃም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያለችን እህት «ይቅርታ ጽፎልሻል፣ ተመለሺ» ብለን አንግፋት። መጀመሪያ እሷና ልጆቹ በሰላም የሚያድሩበት ይታይ። እሱም በደሉን ደፍረው የሚነግሩት ሰዎች ፊት ይቅረብ።

የዕቁቡ ብር ጉዳይ ገና አልተፈታም፤ መነጋገር ይኖርባቸዋል። ደብዳቤው በተሰጠበት ቀን ግን አይነሳ። ሌላ ቀን ሲነሳም እሷ ትጀምር፤ እሱ ሳያቋርጥ ጨርሶ ይስማት።