በእንግሊዝኛ ማሰብ ምንድን ነው?

«ትናንት ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ሲኒ ተሰበረ።» ይህን በእንግሊዝኛ ተናገሩ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን መጀመሪያ በልባችን በአማርኛ እንጨርሰውና ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ እናዞረዋለን። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በአማርኛ ሲኒው የሚመጣው ወደ መጨረሻ ነው፤ ትናንት፣ ገበያው፣ መግዛቴ ሁሉ ይቀድሙታል። እንግሊዝኛ ግን ሲኒውን ያስቀድምና የቀረውን ከኋላው ያስከትላል፦ «ዘ ከፕ አይ ቦት የስተርደይ ብሮክ»። የሚተረጉም ሰው እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ተሸክሞ ይገለብጠዋል። እሱ ገልብጦ እስኪጨርስ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል።

በእንግሊዝኛ ማሰብ ማለት ይህን መገልበጥ መተው ነው። ሲኒውን ማየት፣ አማርኛውን ሳይጠሩ «ዘ ከፕ» ብሎ መጀመር። ሐሳብ ሁሉ በቃል አይመጣም፤ ብዙው ምስልና ስሜት ነው። እኛ የምንለውጠው ለራሳችን በውስጣችን የምናወራውን ብቻ ነው። «ቁልፉን የት አደረግኩት?» «ኧረ መሸ!» የምንለውን።

ልምምዱ የሚጀመረው ግን በልብ ሳይሆን ለራስ ጮክ ብሎ በማውራት ነው። ለምን? የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ሕፃናትን አስተውሎ ያለው ነገር አለ። ልጅ ሲጫወት መጀመሪያ ለራሱ በድምፅ ያወራል፤ ያ ወሬ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይገባና የልብ ንግግር ይሆናል። እኔም በሁለተኛ ቋንቋ ይህንኑ መንገድ መከተል ይበጃል ባይ ነኝ። ከአፍ ያልወጣ ዓረፍተ ነገር በልብ ውስጥ ተድበስብሶ ያልፋል፤ የቱ ቃል እንደጎደለው አይታወቅም።

እኔ የጀመርኩት ጠዋት ቡና ሳፈላ ነው። ጎንደር ውስጥ ቡና የማይፈላበት ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ ዕቃውም ሁሌ አንድ ነው። ጀበናውን አየሁና «ዘ ጀበና ኢዝ ብላክ፤ ኢት ኢዝ ሜድ ኦፍ ክሌይ፤ ኢት ሀዝ ኤ ሎንግ ኔክ» አልኩ። ቀለም፣ የተሠራበት ነገር፣ ቅርጽ። ቀጥሎ የምሠራውን፦ «አይ አም ፖሪንግ ዘ ኮፊ»። ቀጥሎ ያለፈውን፦ «አይ ዋሽድ ዘ ከፕስ»። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ማቶቱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? እዚህ ጋ መዝገበ ቃላት ከከፈታችሁ ትርጉም ውስጥ ተመልሳችሁ ገባችሁ። ባላችሁ ቃል ዙሩት። «ዘ ራውንድ ቲንግ አንደር ዘ ጀበና» አልኩና አለፍኩ። ከጀበናው ሥር ያለው ክብ ነገር ማለት ነው፤ የሰማ ፈረንጅ ይገባዋል። ቃል ሲጠፋ የማይቆም ሰው የሚፈጠረው በዚህ ነው። የጎደላችሁን ቃል ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ማታ ሁለት ሦስቱን ፈልጉ።

የዘዴው ትልቁ ድክመት አራሚ የሌለው መሆኑ ነው። ስህተት ከተደጋገመ ይለመዳል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ደቂቃ በስልክ ቅዱና በማግስቱ አዳምጡ። እኔ የራሴን ስሰማ በየቦታው «ኢዝ ብላክ»፣ «ኢዝ ሆት» እያልኩ ነበር፤ «ኢት» የለም። አማርኛው ነው የዋጠው። «ጥቁር ነው» ስንል ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ስላለ ለብቻው አንጠራውም። ሰዓትም እንዲሁ ነው። አንዴ ለአንድ እንግዳ «ስሪ ኦክሎክ» ብዬ ቀጠርኩት፤ እኔ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቴ ነበር፣ እሱ ከቀኑ ዘጠኝ ላይ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ባየሁ ቁጥር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ።

ቤት ውስጥ አፋችሁ ከተፈታ በኋላ ወደ ልብ አስገቡት። ከአዘዞ ፒያሳ በሚኒባስ ስትሄዱ በመስኮት የምታዩትን በዝምታ ተናገሩ። ሴትዮዋ ዶሮ ይዛለች፣ ባጃጁ ቆመ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው። አማርኛው ከቀደማችሁ ዓረፍተ ነገሩን ተዉትና የሚቀጥለውን ዕቃ ያዙ፤ ያንኑ ለማዞር አትታገሉ።

እየሠራ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ዓረፍተ ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ሳታውቁ ስትጀምሩት ነው። አማርኛም ስንናገር እኮ መጨረሻውን አዘጋጅተን አይደለም የምንጀምረው።

ቁጥር ግን ይዘገያል። እኔ እስካሁን የባጃጅ መልስ የምቆጥረው በአማርኛ ነው፤ አልታገለውም።