የገንዘብ አባዢ ምንድን ነው?

ብሔራዊ ባንክ ከአንድ የንግድ ባንክ የ100 ሚሊዮን ብር የመንግሥት ቦንድ ገዛ እንበል። ዋጋውን የሚከፍለው ከሌላ ቦታ ባመጣው ገንዘብ አይደለም። በሻጩ ባንክ ሒሳብ ላይ 100 ሚሊዮን ብር ይመዘግባል፤ ያ ገንዘብ ከዚያ በፊት አልነበረም። ይህ መሠረታዊ ገንዘብ ይባላል። የገንዘብ አባዢ ደግሞ አንድ ብር መሠረታዊ ገንዘብ ሲጨመር በሕዝቡ እጅ ያለው ጥሬ ብርና የባንክ ተቀማጭ በድምሩ በስንት ብር እንደሚያድግ የሚናገር ቁጥር ነው።

የባንኩን የጅማ ቅርንጫፍ እንከተል። 100 ሚሊዮኑን ለአንድ ቡና አቅራቢ አበደረ፤ አቅራቢውም በጎማና በማና ወረዳዎች ካሉ አርሶ አደሮች እሸት ቡና ገዝቶ ከፈላቸው። አርሶ አደሮቹ 20 ሚሊዮኑን በእጃቸው ያዙ፣ 80 ሚሊዮኑን ባንክ አስገቡ። ባንኩ ከተቀማጩ ሳያበድር እንዲያስቀምጥ የሚገደደው የግዴታ መጠባበቂያ 10 በመቶ ቢሆን፣ 8 ሚሊዮን አስቀምጦ 72 ሚሊዮን መልሶ ያበድራል። ከዚያም ላይ አንድ አምስተኛው በእጅ ይቀራል፣ ሌላው ባንክ ገብቶ ይዞራል። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው 72 በመቶ ብቻ ስለሆነ ድምሩ 357 ሚሊዮን ገደማ ላይ ይቆማል። አባዢው 3.57 ነው ማለት ነው፦

m = (1 + c) / (c + r)

c በእጅ የተያዘው ብር ለተቀማጩ ያለው ድርሻ (20 ለ80፣ ማለትም 0.25)፣ r የመጠባበቂያው ምጣኔ (0.10) ነው።

ብዙ ሰው አባዢ ሲባል መጠባበቂያውን ብቻ ያስባል፤ ለ10 በመቶ መጠባበቂያ አሥር እጥፍ ብሎ ይቆማል። ያ ግን ማንም ሰው ጥሬ ብር ካልያዘ ነው። መጠባበቂያው ዜሮ ቢሆን እንኳ፣ ሕዝቡ ከገንዘቡ 20 በመቶውን በእጁ ከያዘ ድምሩ ከ500 ሚሊዮን አያልፍም። የቡናው ለቀማ ደርሶ፣ ለቃሚውም ሻጩም ጥሬ ብር ፈልጎ በእጅ የሚያዘው ከገንዘቡ 40 በመቶ ቢደርስ፣ መጠባበቂያው እዚያው 10 በመቶ ሆኖ፣ የዚያው ቦንድ ውጤት ወደ 217 ሚሊዮን ይወርዳል። በእጅ ያለውን ብር ባንክ ማበደር አይችልም።

ብሔራዊ ባንክ ቦንድ ሲሸጥ መንገዱ ይገለበጣል፦ ከባንኮች ሒሳብ ገንዘብ ይቀነሳል፣ ብድርም ይጠብባል።

ይህ ሁሉ ግን ባንኩ ያገኘውን ያበድራል ብሎ ነው። ከ2008 እስከ 2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ቦንድ ገዝቶ መሠረታዊውን ገንዘብ ከአራት እጥፍ በላይ አሳደገ፤ የሕዝቡ ገንዘብ ግን በዚያ ልክ አላደገም። ባንኮቹ ከግዴታው በላይ የሆነውን በማዕከላዊ ባንኩ ሒሳባቸው አስቀምጠው ወለድ ይቀበሉበት ነበር። አባዢው መውደቁ የሚታየውም እዚህ ነው፦ የባንኮች ትርፍ መጠባበቂያ እያበጠ የብድራቸው መጠን ባለበት ሲቆም።