የፍካት ልዩነት ምንድን ነው? የሱቅ ግድግዳና የታፔላ ቀለም ሲመረጥ

ቀይ ሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ፊደል የተጻፈ ታፔላ አስቡ። ቀለም ቤት ውስጥ ሁለቱ ናሙናዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ያምራሉ። ታፔላው ተሰቅሎ ከመንገዱ ማዶ ሲታይ ግን ቀይ ነገር እንዳለ ይታያል እንጂ ምን እንደሚል አይነበብም። ቀለሞቹ ደማቅ መሆናቸው አላዳናቸውም። ሁለቱም ጠቆር ያሉ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የፍካት ልዩነት ትንሽ ነው።

የፍካት ልዩነት ማለት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀለሞች በሚመልሱት የብርሃን መጠን ምን ያህል እንደሚራራቁ ማለት ነው። ቀለሙ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ሌላ ጉዳይ ነው። ዓይናችን የፊደልን ቅርጽ የሚለየው በአብዛኛው በፍካት ልዩነት ነው። ርቀቱ ሲጨምር ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ይህን በቁጥርም ማየት ይቻላል። አንዳንድ የቀለም ፋብሪካዎች ካታሎጋቸው ላይ ከእያንዳንዱ ቀለም ጎን ኤል አር ቪ የሚባል ቁጥር ያትማሉ። ቀለሙ ካረፈበት ብርሃን ስንት በመቶ እንደሚመልስ ይናገራል። ነጭ ቀለም ብዙውን ጊዜ 85 አካባቢ ነው፤ ጥቁር 5 አካባቢ። የሁለት ቀለሞችን የፍካት ልዩነት በመቶ ለማግኘት ከትልቁ ቁጥር ትንሹን ቀንሱ፣ ውጤቱን ለትልቁ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። ለታፔላ ጽሑፍ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ጥሩ መነሻ ነው።

ቀዩ ሰሌዳችን 14፣ ሰማያዊው ፊደል 8 ነው እንበል። 6 ለ14 ሲካፈል 43 በመቶ ገደማ ይሆናል። አይበቃም። ሰሌዳው ቀይ እንደሆነ ፊደሉን ነጭ ብናደርገው ግን 84 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ባለቤቱ የሚወደውን ቀይ አልተወም፤ የተቀየረው ፊደሉ ብቻ ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት ቢጫ ፊደል በነጭ ላይ ነው። ቢጫው 65 ቢሆን ልዩነቱ 24 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያው ቢጫ በጥቁር ላይ ሲሆን 92 ይደርሳል።

ካታሎጉ ቁጥር ከሌለው ስልክ ይበቃል። ሁለቱን ናሙናዎች አጠጋግታችሁ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ሁለቱም ተቀራራቢ ግራጫ ከሆኑ ጥምረቱን ተዉት። ይህ ፍተሻ ቀይና አረንጓዴን ለይተው ማየት ለሚቸግራቸው ሰዎችም ይጠቅማል፤ እነሱም የሚተማመኑት በፍካት ልዩነት ነውና።

እስካሁን ያወራነው ስለ ፊደልና ሰሌዳ ነው። ግን ሰሌዳው ራሱ ከግድግዳው፣ ግድግዳው ደግሞ ከጎረቤት ሱቆች ጋር መለየት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁሉንም ደማቅ ያደርግና ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። እኔ ብሆን ግድግዳውን ዝም ያለ ቀለም እቀባዋለሁ፤ ጩኸቱን ለታፔላው እተወዋለሁ። ለምሳሌ ግድግዳው ክሬም፣ ሰሌዳው ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ፊደሉ ነጭ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን መንገዱን ተሻግራችሁ ሱቁን ከነጎረቤቶቹ ፎቶ አንሱ። ረድፉ በሙሉ ክሬም ከሆነ የእናንተ ክሬም ይጠፋል። ያኔ ነገሩን መገልበጥ ነው፤ ግድግዳውን ጠቆር አድርጋችሁ ሰሌዳውን ነጭ፣ ፊደሉን ጥቁር አድርጉት።

ምሽት ሌላ ጣጣ አለው። ሲመሽ ዓይን ለቀይ ያለው ስሜት ከሰማያዊ ቀድሞ ስለሚደክም ቀን የሚጮኸው ቀይ ጥቁር መምሰል ይጀምራል። ብርቱካናማ የሶዲየም የመንገድ መብራት ካለ ደግሞ አብዛኛው የቀለም ልዩነት ይጠፋል፤ የሚተርፈው የፍካት ልዩነት ነው። ስለዚህ ቀይ ሰሌዳ ላይ ነጭ ፊደል ማታም ይነበባል፤ ጥቁር ፊደል ግን ይዋጣል። የሚያብረቀርቅ ቀለምም ተጠንቀቁ። የፀሐይ ወይም የመብራት ነጸብራቅ ሲያርፍበት ጥቁሩም ነጭ ስለሚመስል ልዩነቱ ይጠፋል። ማት ቀለም ይሻላል።

የቀለም ምርጫ የማያድነው ነገር የፊደል ማነስ ነው። የታፔላ ሠሪዎች የልምድ ስሌት ለየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል የፊደል ቁመት ነው። ከ12 ሜትር ርቀት ለሚያነብ ሰው 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ታፔላው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ደግሞ ስሙን በቀይ ፊደል ነጭ ላይ ከመጻፍ በፊት አስቡበት። ብዙ ደማቅ ቀይ ቀለሞች ፀሐይ ላይ ቶሎ ይለቃሉ፤ ቀዩ ወደ ሮዝ ባደላ ቁጥር ከነጩ ጋር ያለው ልዩነት ይቀንሳል። ጥቁር ወይም የሸክላ አፈር የሚመስለው ቡናማ ቀይ ግን ፀሐይን በደንብ ይችላሉ።