የአዛውንት ድምፅ በሥዕል፦ የአኒሜሽን ዘጋቢ ፊልም ፕሮፖዛል ማጠቃለያና የበጀቱ ምክንያት

በአዛውንቶች ትዝታ ላይ የሚሠራ አኒሜሽን ዘጋቢ ፊልም ድምፁ የእውነተኛ ሰው፣ ምስሉ ግን የሠዓሊ ነው። አዛውንቱ ያወራሉ፣ ሠዓሊው ይከተላል። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ሲጠየቅ ከፕሮፖዛሉ ፊት አንድ ወይም ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ይቀመጣል። ገምጋሚ ብዙ ጊዜ እሱን ያነብና ዘሎ በጀቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሁለቱ ካልተናበቡ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ስለ ፒያሳና አካባቢዋ፣ ስለ 1940ዎቹና 50ዎቹ የሚተርክ የ12 ደቂቃ ፊልም ነው። ተራኪዎቹ ስምንት ናቸው።

ማጠቃለያው መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄ «ለምን በአኒሜሽን?» የሚለውን ነው። «ማራኪ ስለሆነ» ማለት ገንዘብ አያስገኝም። ለፒያሳ የሚሆነው መልስ ቀላል ነው። ሰፈሩ በ2016 በአብዛኛው ፈርሷል፤ ካሜራ ይዞ ሄዶ የሚቀረጽ ጓሮ የለም። የድሮ ፎቶም ቢሆን የጊዮርጊስን አደባባይና የንጉሡን ሰልፍ ያሳያል። የሠራተኛ ሰፈርን ጓዳ ግን ማን ፎቶ ያነሳው ነበር? ያለው ድምፅ ብቻ ነው፤ ምስሉ መሳል አለበት።

ቀጥሎ የዕድሜ ሒሳብ አለ። ዛሬ 85 ዓመት የሞላቸው ሰው የተወለዱት በ1933 ገደማ ነው። ስለዚህ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር 20 ዓመታቸው ነበር፤ ያዩትን ይናገራሉ። የ1929ኙን የካቲት 12 በሰባት ዓመቱ ያየ ልጅ ግን አሁን 96 ሆኗል። «የየካቲት 12 የዓይን ምስክሮች» ብሎ በጅምላ ቃል የሚገባ ማጠቃለያ እዚህ ላይ ይያዛል። ከወላጅ የተሰማ ከሆነ «ከወላጅ የተሰማ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። እንደውም እኔ የምወደው እንዲህ ያለውን ነው፤ ፊልም ሠሪው ቆጥሮ እንደገባበት ያሳያል።

አሁን ወደ በጀቱ። የአኒሜሽን ዋጋ የሚለካው በሰከንድ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዳል። በእጅ የሚስሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያቆዩት በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃቸዋል። ያም ቢሆን አንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ነው። 12ቱም ደቂቃ ሙሉ ለሙሉ ይንቀሳቀስ ከተባለ 8,640 ይሆናል። አንድ ሠዓሊ በቀላል መስመር፣ ማጥራቱንና ቀለሙን ጨምሮ፣ በቀን ሁለት ሰከንድ ጨረሰ እንበል። 360 የሥራ ቀን ይፈጃል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ፊልሙን ይከፍለዋል። አምስቱ ደቂቃ ሙሉ እንቅስቃሴ ይሆናል። አራቱ ካሜራ የሚዞርበት ቋሚ ሥዕል፣ የቀረው ሦስት ደቂቃ ደግሞ ፎቶና ሰነድ፣ ወይም ጭራሽ ጨለማና ድምፅ ብቻ ነው። አምስቱ ደቂቃ 150 የሠዓሊ ቀን ነው። ለሁለት ሰው 75 ቀን፣ ማለትም ሦስት ወር ተኩል ገደማ። የቀኑን ክፍያ ለምሳሌ 4,000 ብር ብንይዝ 600,000 ብር ይመጣል። ሠንጠረዡ ላይ «አኒሜሽን፣ 600,000» ብቻ ከተጻፈ ገምጋሚው «ለምን 400,000 አይሆንም?» ይላል። «5 ደቂቃ፣ በቀን 2 ሰከንድ፣ 150 ቀን» ከተጻፈ ግን ብሩን ለመቁረጥ ደቂቃውን መቁረጥ ግድ ይለዋል።

ገምጋሚ እጁን ቶሎ የሚሰነዝርበት ሌላ መስመር አለ፤ ሁለተኛው ጉብኝት። «ከሰዎቹ ጋር አንዴ ተነጋግራችኋል፣ ለምን ትመለሳላችሁ?» ይባላል። ነገሩን በአንድ ትዕይንት ላሳይ። አንዲት እናት ልጅ ሳሉ ቦኖ ላይ ወረፋ ይዘው ውሃ ሲጠብቁ የነበረውን ይተርካሉ። ድምፁ 20 ሰከንድ ነው። ሠዓሊው ወጣት ነው፤ ወረፋውን ሲስል ለሁሉም ሴቶች ቢጫ ጀሪካን አስያዛቸው። በእርሳስ የተሠራውን ረቂቅ ይዞ ሲሄድ እናት መነጽራቸውን አደረጉና ሳቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ቢጫው ምንድነው? ጀሪካን የት ነበር ያኔ! በእንስራ ነው እንጂ።»

«የሚታዘለው እማማ?»

«አዎ፣ በገመድ። ጎንበስ ብለን።»

ጀሪካኑ ሲቀየር የሴቶቹ ወገብ ተቀየረ፣ አካሄዳቸው ተቀየረ። 20 ሰከንድ 240 ሥዕል፣ ማለትም የአሥር ቀን ሥራ ነው። ረቂቅ ላይ ስለተያዘ ማረሙ የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ሆነ። ቀለም ከገባ በኋላ ቢሆን ኖሮ 40,000 ብር ሄዷል ማለት ነው። የጉብኝቱ ወጪ ደግሞ ትራንስፖርትና የቀን አበል ብቻ ነው። የበጀት ማብራሪያው ይሄንን ንጽጽር በሁለት መስመር ማስቀመጥ አለበት።

ትራንስፖርቱም ቢሆን ከሚገመተው በላይ ነው። ፊልሙ ስለ ፒያሳ ነው፣ ተራኪዎቹ ግን ብዙዎቹ ፒያሳ የሉም። ከፈረሳው በኋላ ከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ገብተዋል። «ቀረጻ፦ መሃል አዲስ አበባ» ብሎ የታክሲ ሒሳብ የያዘ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ከኪሱ መክፈል ይጀምራል።

ቀረጻው ራሱ ለስምንቱ ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ቢያዝ 24 ሰዓት ይሆናል። ለ12 ደቂቃ ፊልም ይሄ ምን ያደርጋል? አዛውንት በቀጥታ ወደ ነገሩ አይገቡም። መጀመሪያ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንደሞተ ይነገራል። አቦል ላይ የሚወራው ለእንግዳ የሚወራ ነው፤ ጨዋታው የሚደምቀው በረካ ላይ ሲደረስ ነው። አንዱን ሰዓት ወደ ጽሑፍ መገልበጥ አምስት ሰዓት ቢወስድ 24ቱ ሰዓት 120 ይፈጃል፤ የ15 ቀን ሥራ ነው። ይሄ መስመር ከተረሳ አርታዒው በድምፅ ባሕር ውስጥ ይሰጥማል።

ድምፁን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ማይኩ ሳይሆን ቤቱ ነው። ፍሪጅ ይነሳል፣ ጎረቤት ይወቅጣል። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅዳት አይታሰብም፤ ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳው ቀረጻውን ከጥቅምት በኋላ ያደርገዋል። ከመጀመሩ በፊት ሠላሳ ሰከንድ ዝምታ ቀድቶ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ነው። ፍሪጁ ያን ጊዜ ይሰማል።

ለአዛውንቶቹ የሚሰጠው ገንዘብ «ለቃለ መጠይቅ ክፍያ» ተብሎ ባይጻፍ ጥሩ ነው። ትዝታ የተገዛ ይመስላል፣ ተራኪውም ለተከፈለው እንዲመጥን ይጨምርበታል። «የጊዜ ማካካሻ» ብሎ ለሁሉም እኩል ማድረግ ነው፣ ታሪኩ ፊልሙ ውስጥ ባይገባም። ፈቃዱም ወረቀት ላይ ከመፈረም ሌላ ድምፅ ላይ ቢቀዳ ይመረጣል። ማንበብ የሚያቅታቸው አሉ።

የምንዛሪውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ ይቻላል፣ ግን መዝለል አይቻልም። ድጋፉ በዶላር ወይም በዩሮ ከሆነ የተሰላበት ተመንና ቀን ይጻፋል። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ ምን እንደሆነ ሁሉም ያስታውሳል። ለመጠባበቂያ ከአምስት እስከ አሥር በመቶ መያዝ የተለመደ ነው።

በመጨረሻ የሚመጣው ትንሹ መስመር የማስቀመጫው ነው። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በአንድ ማይክ የተቀዳ አንድ ሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ 24ቱም ሰዓት 12 ጊጋባይት አካባቢ ነው። ስምንት ፍላሽ ገዝቶ ለየቤተሰቡ የራሱን ሰው ሙሉ ቅጂ መስጠት ከሁሉም የሚረክሰው ወጪ ነው። ፊልሙ ላይ የሚገባው ከእያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ ቤተሰቡ ግን ሦስቱንም ሰዓት፣ ሳሉንም ጨምሮ፣ ያገኛል።