«ጠቅላላ ወጪ» ለምን ከባንኩ ጋር አይገጥምም?

በየወሩ ራሱ የሚሠራውን የደመወዝ ወጪ ሪፖርት ስትረከቢ መጀመሪያ ግር የሚልሽ ይህ ዓምድ ነው። ለባንክ ከላክነው ገንዘብ ይበልጣል፤ መብለጥም አለበት።

አንድ ሠራተኛ መሠረታዊ ደመወዙ 20,000፣ የትራንስፖርት አበሉ 2,000 ብር ነው እንበል። የአሠሪው ጡረታ 11 በመቶ የሚሰላው በመሠረታዊው ላይ ብቻ ነው፤ 2,200 ብር ይመጣል። ወጪያችን 24,200 ሆነ ማለት ነው። የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታና የሥራ ግብሩ ከራሱ ደመወዝ ስለሚቆረጡ ዳግም አይደመሩም። በሪፖርቱ ላይ `B` መሠረታዊ ደመወዝ፣ `C` የትራንስፖርት አበል፣ `D` የአሠሪው ጡረታ፣ `E` ደግሞ «ጠቅላላ ወጪ» ነው።

```
D2: =B2*0.11
E2: =B2+C2+D2
```

አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ቀመሩ ወደ ረድፉ ሳይወርድ ሊቀር ይችላል። እኔን ሁለት ወር ሙሉ አሳስቶኛል። ስለዚህ ሪፖርቱን ከመላክሽ በፊት የ`B`ን ድምር በ0.11 አባዢና ከ`D` ድምር ጋር አስተያዪው። 2,200 ብር ከጎደለ ለ0.11 አካፍዪው፤ ደመወዙ 20,000 የሆነውን ሰው ፈልጊ።