ለትርጉም ድርጅት የሚጻፍ የኢንጂነር ማመልከቻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ውስጥ በጥገና ክፍል የሚሠሩ መካኒካል ኢንጂነሮች የእንግሊዝኛ ማኑዋል እያነበቡ ለቴክኒሻኖች በአማርኛ ሲያስረዱ ይውላሉ። ታዲያ ለቴክኒክ ትርጉም ድርጅት ላመልክት ሲሉ የሚያነሷቸው ነገሮች ይመሳሰላሉ።

«መካኒካል ዲግሪ አለኝ፣ ሁለቱንም ቋንቋ እችላለሁ። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

የትርጉም ልምድ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የትርጉም አገልግሎት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 17100፣ ለተርጓሚ ሦስት መንገድ ይሰጣል፦ የትርጉም ዲግሪ፣ በሌላ ሙያ ዲግሪ ከ2 ዓመት የሙሉ ጊዜ የትርጉም ልምድ ጋር፣ ወይም የ5 ዓመት ልምድ ብቻ። ኢንጂነሩን የሚመለከተው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ከተመረቃችሁበት ዓመት ይልቅ ምን ምን እንደተረጎማችሁ ይናገር። መስፈርቱን የማይከተሉ ድርጅቶችም አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የትርጉም ልምድ ሊጠይቁ ይችላሉ።

«ሁሉንም ዓይነት ጽሑፍ፣ ወደ ሁለቱም ቋንቋ እሠራለሁ ብል ዕድሌ ይሰፋል።»

እንዲያውም ይጠባል። ሥራ የሚያከፋፍለው ሰው የሚፈልገው ለዚህ ማኑዋል የሚሆነውን ሰው ነው። «ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፤ ፓምፕ፣ ኮምፕረሰር፣ ቦይለር» ይበቃዋል። አፍ ወደፈታችሁበት ቋንቋ መተርጎም የተለመደ ነው።

«ኢንጂነር መሆኔ የሚጠቅማቸው ማኑዋሉ ላይ ስህተት ሳይ አርሜ ስለማስረክብ ነው።»

ይቺ አደገኛ ናት። አንድ ማኑዋል ጥንካሬው 8.8 የሆነ ኤም 8 ብሎን በ250 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ ይላል እንበል። ለእንዲህ ያለ ብሎን የተለመደው ወደ 25 ገደማ ነው። በ250 ቢጠበቅ ይበጠሳል። የቋንቋ ሰው ቁጥሩን ገልብጦ ያልፈዋል፤ ኢንጂነር ግን ይጠረጥራል። ያም ሆኖ 25 ብሎ መጻፍ አይችልም። ትክክለኛው ቁጥር በቅባቱና ብሎኑ በሚገባበት ብረት ይለያያል፤ ኃላፊነቱም የአምራቹ ነው። የሚደረገው ቁጥሩን እንዳለ አስቀምጦ፣ ገጹንና የጥርጣሬውን ምክንያት ጽፎ ለድርጅቱ መጠየቅ ነው። መልስ ሳይመጣ ያ ገጽ መታተም የለበትም።

ደብዳቤው ላይ እንዲህ ቢገባ የጥገና ልምዳችሁ በሁለት መስመር ይታያል፦

«የማጥበቂያ ጉልበት፣ ግፊትና የሙቀት መጠን ስተረጉም ቁጥሩ ከክፍሉ መጠን ጋር ይሄድ እንደሆነ አያለሁ። የማይሄድ ካገኘሁ ሳልቀይር በጥያቄ ዝርዝር አቀርባለሁ።»

በእኔ እምነት ይህ «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» ከሚለው አንድ ሙሉ አንቀጽ ይበልጣል።

«ለናሙና ከመሥሪያ ቤቴ ማኑዋል አንድ ምዕራፍ አያይዛለሁ።»

የሰው ሰነድ አሳልፎ የሚሰጥ አመልካች የእነሱን ደንበኛ ሰነድም ነገ ለሌላ እንደሚሰጥ ያስባሉ። አምራቾች ለሁሉም ክፍት ካደረጓቸው ማኑዋሎች አንድ ገጽ ይበቃል፤ እንግሊዝኛውና አማርኛው ጎን ለጎን፣ ማስጠንቀቂያና ቢያንስ አንድ የቁጥር ሰንጠረዥ ያለበት።